የቀላው የቤተሰብ ፎቶ ቀለሙ እንዴት ይመለሳል?

በ1960ዎቹ ዓ.ም. የታጠቡ ባለቀለም ፎቶዎች የያዘ አልበም ያለው ቤተሰብ ይህን ሳያይ አልቀረም፤ ፎቶዎቹ ቀልተዋል። የአያት ነጠላ ሮዝ መስሏል፣ ከበስተኋላ ያለው ባሕር ዛፍ ቡናማ ሆኗል፣ የሰዎቹም ፊት ትኩሳት የያዘው ይመስላል። ይህን ፎቶ በኮምፒውተር ወደ ቀድሞ መልኩ ማቅረብ ይቻላል። ችግሩ አብዛኛው የታደሰ ፎቶ ትናንት የተቀባ ሥዕል መምሰሉ ነው። ይህ እንዳይሆን በቅድሚያ ቀለሙ የት እንደሄደ ማወቅ ያስፈልጋል።

በባለቀለም ፎቶ ወረቀት ላይ ሦስት ስስ የቀለም ንብርብሮች አሉ፦ ቢጫ፣ ማጀንታ የሚባለው ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ፣ እንዲሁም ሳያን የሚባለው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ። በፎቶው ላይ የምናያቸው ቀለሞች በሙሉ የእነዚህ ሦስቱ ድብልቅ ናቸው። በዚያ ዘመን ወረቀቶች ላይ፣ ፎቶው አልበም ውስጥ ተዘግቶ ቢቀመጥም እንኳ፣ ከሦስቱ ቀድሞ የሚሳሳው ብዙውን ጊዜ ሳያን ነበር። የሳያን ሥራ ደግሞ ቀይ ብርሃንን ማገድ ነው። እሱ ሲሳሳ ቀዩ ከልካይ ያጣል። እንግዲህ ፎቶው የቀላው ቀይ ስለተጨመረበት አይደለም፤ ቀዩን ይዞት የነበረው ስለጠፋ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብርሃን ሲመታው የኖረ ፎቶ ግን በሌላ መንገድ ስለሚደበዝዝ እዚህ የምንነጋገረው ስለ አልበሙ ፎቶ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ሥራውን ይወስነዋል። ብዙ ሰው ቅላቱን ሲያይ የመላውን ፎቶ የቀለም ድምቀት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ሳይጠፋ የቆየው ቢጫና ማጀንታም አብሮ ይሞታል። ሌላው ደግሞ በላዩ ላይ ሰማያዊ ያፈስበታል፤ ነጠላው ይነጣና ጥቁሩ ፀጉር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ትክክለኛው መንገድ የጎደለውን አንዱን ቀለም ለብቻው ይዞ መመለስ ነው።

አንድ ፎቶ ይዘን ሥራውን እንከተል። ስፋቱ ዘጠኝ በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ነው። በ1967 ዓ.ም. ለጥምቀት በዓል የተነሳ ሲሆን፣ አያት በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ፣ አባት በግራጫ ሙሉ ልብስ፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ትንሽ ልጅ ቆመዋል። ከኋላቸው የቆርቆሮ አጥርና ባሕር ዛፍ ይታያል። በልጁ ግራ ጉንጭ ላይ እርጥበት የበላው ነጠብጣብ አለ።

ሲነሳ በስካነር ነው፤ በስልክ የተነሳ ኮፒ የክፍሉን መብራት ቀለም ይዞ ይመጣል። ለዚህ መጠን ፎቶ 600 ዲፒአይ ይበቃል። በስካነሩ ላይ ያለው ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው አማራጭ በሙሉ ይጥፋ፤ የቀላው ፎቶ እንደቀላ ነው መግባት ያለበት። ከተቻለ በየቻናሉ 16 ቢት ተደርጎ በTIFF ይቀመጥ። ፎቶው ከክፈፉ መስታወት ጋር ተጣብቆ ከሆነ መላጥ አያስፈልግም፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ሊቀር ስለሚችል ከነመስታወቱ ስካን ማድረግ ይሻላል።

ከዚያ በነጻ የሚገኘውን GIMP ከፍተን Colors ውስጥ ያለውን Levels እንመርጣለን። እዚያ የሚታየው የተራራ ቅርጽ ያለው ሰንጠረዥ በፎቶው ውስጥ ስንት ጨለማ፣ ስንት መካከለኛ፣ ስንት ብርሃን ቦታ እንዳለ ያሳያል። Channel በሚለው ላይ Red ስንል በሽታው በግልጽ ይታያል። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ አረንጓዴው ከ38 እስከ 228፣ ሰማያዊው ከ45 እስከ 214 ተዘርግተው ሳለ፣ ቀዩ ግን ከ122 በታች ምንም የለውም፤ በሙሉ ወደ ቀኝ ተገፍቶ በ122 እና በ246 መካከል ተጨናንቋል። ፀጉርም ሆነ ጫማ፣ ጥቁር ሊሆን የሚገባው ሁሉ ቀይ ብርሃን ይዟል ማለት ነው።

ከሰንጠረዡ ሥር ሦስት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች አሉ። የግራውን ወደ 122፣ የቀኙን ወደ 246 ስንወስድ ቀዩ ቻናል ሙሉ ስፋቱን ያገኛል። አረንጓዴውንና ሰማያዊውንም በየራሳቸው ጫፍ እንዲሁ እናስተካክላለን። በዚህ ጊዜ ባሕር ዛፉ አረንጓዴነቱን ሲያገኝ፣ የአባትም ሱፍ ወደ ግራጫ ሲመለስ በዓይን ይታያል። 16 ቢት ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ በ8 ቢት ስካን ቀዩ ያሉት 125 ደረጃዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ወደ 256 ሲለጠጡ መሐሉ ይሳሳና ፊት ላይ የደረጃ መስመር ይወጣል።

እዚህ ላይ በዓይን ብቻ መተማመን አይገባም፤ ዓይን የለመደውን ቅላት ልክ ነው ብሎ ይቀበላል። ቀለም የሌላቸውን ነገሮች መጠየቅ ይሻላል። በቀለም መልቀሚያው የአባትን ሱፍ ስንነካ ቀይ 118፣ አረንጓዴ 104፣ ሰማያዊ 101 አለን፤ ግራጫ ነገር ሦስቱ ቁጥሮቹ ሊቀራረቡ ይገባ ነበርና መካከለኛው ብርሃን ገና ቀይ ነው። በቀዩ ቻናል የመሐለኛውን ሦስት ማዕዘን ጥቂት ወደ ቀኝ ስንገፋው ወደ 105 ወረደ። ጥቁሩ ፀጉር ቀልቶ ነጠላው ልክ ከሆነ የግራው ሦስት ማዕዘን አልበቃውም፤ ነጠላው ወደ ሳያን ሄዶ ፀጉሩ ልክ ከሆነ ደግሞ በቀኝ በኩል የተደረገው አልተስተካከለም።

ነጠላ ግን ማሳሳቻም አለው። ነጭ ነው ብለን ሦስቱንም ቁጥር 255 ብናደርገው የፈትሉ መስመርና የእጥፋቱ ጥላ ይጠፋል። ፀሐይ የመታው የጥጥ ፈትል በትንሹ ሞቅ ያለ ነው፤ በእኛ ፎቶ 231፣ 226፣ 214 ላይ ስናቆመው ነጠላ ይመስላል። ወረቀቱ በዕድሜ ያመጣትን ጥቂት ቢጫነትም መተው ጥሩ ነው። እሷ ሙሉ በሙሉ ስትወጣ ፎቶው ዕድሜውን ያጣል፤ ሰው ሠራሽ መምሰል የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

በዚህ ሥራ የማይመለስ ነገርም አለ። ከመጀመሪያው ሳያኑ ጥቂት በነበረበት ቦታ ዛሬ የሚለጠጥ ነገር አልቀረም። በእኛ ፎቶ ሰማዩ ነጣ ብሎ ቀረ፣ በልጁ ጉንጭ ላይ ያለው ነጠብጣብም ቀለም የለውም። በእጅ የምንቀባው እነዚህን ብቻ ነው። በላይ አዲስ ሌየር ከፍተን ሞዱን LCh Color እናደርጋለን፤ በፎቶሾፕ የሚሠራ ሰው Color የሚለውን ይጠቀማል። በዚህ ሞድ የምንቀባው ቀለሙን ብቻ ነው፤ ብርሃኑና ጥላው የፎቶው እንደሆነ ይቀራል።

ለሰማዩ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ከላይ ወደታች እየሳሳ እንዲሄድ አድርገን የሌየሩን Opacity ወደ 30 እናወርዳለን። ፍጹም ነጭ የሆነ ቦታ በዚህ ዘዴ ብዙ ቀለም አይዝም፤ ግዴታ ሰማያዊ ይሁን ብሎ ማጨለም ደግሞ ፎቶውን ፖስት ካርድ ያደርገዋል። የነጣ ሰማይ እንደነጣ ቢቀር ማንንም አያስከፋም።

የልጁ ጉንጭ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተበላሸ ቅብ በቀላሉ የሚታወቀው ፊት ላይ ነው፤ አንድ ቡናማ ቀለም ከግንባር እስከ አገጭ ሲለቀለቅ ፊቱ ጭምብል ይሆናል። የሰው ፊት አንድ ቀለም የለውም። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል፤ ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጫፍና ጆሮ ይቀላሉ፤ ጢም በሚበቅልበት ቦታ ግራጫ ይቀላቀላል። የዓይን ነጭና ጥርስም ቢሆኑ ንጹሕ ነጭ አይደሉም። ስለዚህ ቀለሙን ከሳጥን ሳይሆን ከራሱ ከልጁ ፊት እንውሰድ። የቀኝ ጉንጩ ደህና ስለሆነ ከዚያ ሦስት ቀለም ለቅመን፣ ብርሃን የመታውን ለብርሃኑ፣ ጥላ ያለበትን ለጥላው፣ ለስላሳ ጫፍ ባለው ብሩሽ እናሳርፋለን። ፎቶው በድሮ ካሜራ የተነሳ ለስላሳ ምስል ስለሆነ የቅቡም ዳር የዚያን ያህል ለስላሳ ይሁን፤ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ዳር ወዲያው ያጋልጣል። በጉንጩ ላይ ያለው ጥቃቅን ነጠብጣብ የፎቶው ቅንጣት ነውና አይስተካከል።

የቀሚሱ ጥለት ደግሞ ለባለቤቶቹ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ቤተሰቡ ፎቶውን ሲያይ የኖረው ጥለቱን ቀይ ነው እያለ ነው። የአያትየውን ልጅ፣ ዛሬ እሳቸውም አያት የሆኑትን፣ «እማማ፣ ጥለቱ ቀይ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን ለወጠው። «ኧረ አይደለም ልጄ፤ ወይን ጠጅ ነው። ቀሚሱ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ» አሉ። ወይን ጠጅ ከማጀንታና ከሳያን የሚገኝ ቀለም ነው፤ ሳያኑ ሲሄድ በፎቶው ላይ ቀይ መስሎ ይቀራል። ቀሚሱ ወጥቶ ሲታይ ፊት ለፊቱ ደብዝዟል፤ ብርሃን ያልነካው የጠርዙ እጥፋት ውስጥ ግን የመጀመሪያው ቀለም አለ። ያንን በቀን ብርሃን አንስቶ ቀለሙን መልቀም ከማንኛውም ግምት ይበልጣል። በጥቁርና ነጭ ፎቶማ መጠየቅ የግድ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ስለሚችሉ ምስሉ ብቻውን አይመሰክርም።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው ፎቶውን በማያ ገጹ ላይ ቴምብር አሳንሶ ማየት ነው። ዓይን ከሰዎቹ ፊት በፊት ወደ ቀባነው ቦታ ከሄደ ቅቡ በዝቷል፤ የሌየሩ Opacity ይቀነስ። ሁለተኛው በማግስቱ በቀን ማየት ነው። ብዙ ስልክና ላፕቶፕ ማታ ማታ ማያ ገጹን ቢጫ የሚያደርግ አማራጭ አላቸው፤ እሱ በርቶ የተስተካከለ ፎቶ ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። በትልቁ ከማሳተም በፊትም በ10 በ15 አንድ ማሳተምና በመስኮት ብርሃን ማየት ወጪ ያድናል።

ያልተነካውን ስካን ለብቻው አስቀምጡ። ከታደሰው ጋር ደግሞ የትኛው ቀለም ከፎቶው እንደተመለሰ፣ የትኛው በእጅ እንደተቀባ፣ የጥለቱንም ቀለም ማን እንደነገራችሁ ጽፋችሁ አያይዙ። ፎቶውን ስካን ማድረግ ዓመትም ሊቆይ ይችላል፤ ቀለሙን የሚያስታውሱትን ሰዎች ግን ዛሬውኑ ጠይቁ።