ስምንት ቁራጭ፣ እኩል ልጣጭ

ሬዲየሱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድብልብል ብርቱካን አለ እንበል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው 8 ቁራጮች ይቆረጥ። የመሀሉ ቁራጭ ሰፊ ነው፤ የዳሩ ግን ትንሽ ቆብ ይመስላል። የሚበላውን ለሚፈልግ የመሀሉ ይሻለዋል። ልጣጩን ለሚፈልግ ግን ምርጫ የለም፤ ለስምንቱም የሚደርሳቸው እኩል ነው፣ 25.1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ።

ይህን መጀመሪያ ያረጋገጠው የሲራኩሱ አርኪሜድስ ነው። በሁለት ትይዩ ቅንጣቤዎች መካከል የሚቀረው የሉል መቀነት የገጽ ስፋት በመቀነቱ ቁመትና በሉሉ ሬዲየስ ብቻ ይወሰናል፤ ከየትኛው ቦታ እንደተቆረጠ ለውጥ አያመጣም። አርኪሜድስ በዚህ ሥራው እጅግ ይደሰት ስለነበር በመቃብሩ ላይ ሉልና ሲሊንደር እንዲቀረጽለት ጠይቆ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፏል። እሱ ያለ ካልኩለስ በረጅም ማስረጃ የደረሰበትን፣ የዛሬ ተማሪ በኢንተግራል በጥቂት መስመር ያገኘዋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ግማሽ ክብ በአግድም መስመር ዙሪያ ሲሽከረከር ሉል ይሆናል። ከመሀሉ x ያህል ርቆ ያለው ነጥብ ከመስመሩ ያለው ከፍታ y ቢባል፣ በፓይታጎረስ ሕግ y² = R² − x² ነው። በዚያ ቦታ አንድ ቀጭን ቀለበት ይወሰድ። ዙሪያው 2πy ነው። ስፋቱን ለማግኘት ዙሪያው በቀለበቱ ወርድ ይባዛል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወርዱን dx ብሎ ይወስደዋል። ይህ የይዘት ስሌት ላይ ይሠራል፤ በዚያ ሒሳብ የሚቀረው ስሕተት ቁራጩ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ይጠፋልና። ልጣጭ ግን ያዘነበለ ነው። በዳሩ ቁራጭ ላይ ቢላው የወረደው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ልጣጩ ግን ከጫፉ እስከ ጠርዙ ከዚያ በጣም ይረዝማል። ቁራጩን የቱንም ያህል ቢያቀጥኑት ይህ ዝንባሌ አይቀንስም። በ dx የሰላ ሰው ለመሀሉ ቁራጭ 24.9 ያገኛል፤ ይህም ወደ እውነቱ በጣም የቀረበ ስለሆነ አያስጠረጥርም። ለዳሩ ግን 11.4 ይወጣለታል፣ ከግማሽም በታች። የጠቅላላው ሉል ድምርም ከ201.1 ይልቅ 157.9 ይሆናል። በመልሱ ውስጥ π² ብቅ ካለ መንገዱ መሳሳቱን ማወቅ ይቻላል።

ትክክለኛው ወርድ በቅስቱ ላይ የሚለካው ነው፤ ለክብ ይህ (R/y)dx ሆኖ ይገኛል። አሁን ብዜቱ ሲታይ አንድ ደስ የሚል ነገር ይፈጠራል፦

2πy · (R/y)dx = 2πR dx

y ተሰረዘ! ቀለበቱ ወደ ዳር ሲሄድ ዙሪያው በምን ያህል ቢጠብ፣ ልጣጩ በዚያው ልክ እያዘነበለ ይሰፋል። የጎደለው በሌላ በኩል ይሞላል። የቀረው ቋሚ ቁጥር ነው፤ ከ a እስከ b ሲደመር 2πR(b − a)፣ ማለትም ቁመቱ h ከሆነ 2πRh ይሰጣል። ለብርቱካኑ 2 × 3.1416 × 4 × 1 ነው፤ 25.1።

ይኸው ስሌት ለምድርም ይሠራል። ኢትዮጵያ በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ውስጥ ትገኛለች። ይህ የ12 ዲግሪ መቀነት ምድርን ሲዞር ቁመቱ፣ በምድር ዘንግ አቅጣጫ ሲለካ፣ የሁለቱ ኬክሮሶች ሳይን ልዩነት በ6,371 ኪሎ ሜትር ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 1,316 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስፋቱም 53 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከምድር ገጽ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ከ60 እስከ 72 ዲግሪ ያለው፣ አብዛኛዋ ፊንላንድ የምትገኝበት መቀነትም 12 ዲግሪ ነው፤ ቁመቱ ግን 542 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ስፋቱ 22 ሚሊዮን አይሞላም። ከምድር ወገብ በሁለቱም ወገን እስከ 30 ዲግሪ ያለው ክፍል ደግሞ፣ የ30 ሳይን 0.5 በመሆኑ፣ ከሉሉ ገጽ በትክክል ግማሹን ይይዛል።

በ1772 ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት ያሳተመው የሲሊንደር ካርታ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ኬክሮሶቹ በሳይናቸው ልክ ስለሚሰመሩ የአገሮች ስፋት በንጽጽር ትክክል ይወጣል፤ ቅርጻቸው ግን ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጉ ጠፍጥፎ ይለጠጣል።

ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም፤ የምድር ወገብ ሬዲየሷ 6,378፣ የዋልታው 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ በጥቂቱ በተጨፈለቀ ቅርጽ y ሙሉ በሙሉ አይሰረዝም፤ ኢንተግራሉም ረዘም ያለ ሥራ ይጠይቃል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ለግምት 2πRh ይበቃል። እንደ እንቁላል ለረዘመ ቅርጽ ግን ከየትኛው ቦታ እንደተቆረጠ ሳይታወቅ የልጣጩን ስፋት መናገር አይቻልም።