ከውጭ የመጣ መስመር ኩርባውን የት ይነካል?

«ኩርባውን y = x² የሚነካና በነጥብ (1, −3) በኩል የሚያልፍ ቀጥታ መስመር እኩልታ ፈልግ።» ዴሪቬቲቭ የተማረ ሰው ይህን ጥያቄ ሲያይ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። የ x² ዴሪቬቲቭ 2x ነው፤ በ x ፋንታ 1 ሲገባ ስሎፑ 2 ይሆናል፤ መስመሩ በ (1, −3) ስለሚያልፍ እኩልታው y = 2x − 5 ነው ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። ስሌቱ አንድም ቦታ አልተሳሳተም። መልሱ ግን ትክክል አይደለም።

ይህን ለማረጋገጥ አስተማሪ መጠበቅ አያስፈልግም። መስመሩና ኩርባው የሚገናኙ ከሆነ የሁለቱ y እኩል የሚሆንበት ቦታ መኖር አለበት፤ ማለትም x² = 2x − 5 መፍትሔ ሊኖረው ይገባል። ወደ አንድ ወገን ስናመጣው x² − 2x + 5 = 0 ይሆናል። ዲስክሪሚናንቱ 4 − 20 = −16 ነው። ከዜሮ በታች ስለሆነ መስመሩ ኩርባውን ሊነካው ቀርቶ የትም አያገኘውም። ኩርባውን በእርግጥ በ (1, 1) ላይ የሚነካው y = 2x − 1 ነው፤ የተማሪው መስመር ከዚህ 4 አሃድ ዝቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ትይዩ ብቻ ነው።

ችግሩ ከየት መጣ? ዴሪቬቲቭ የሚናገረው ስለ ኩርባው ነው። x = 1 ሲባል ኩርባው ከፍታ 1 ላይ ነው፤ የእኛ ነጥብ ደግሞ −3 ላይ፣ ከኩርባው ውጭ ነው። ስለዚህ 2 የሚለው ቁጥር የ (1, 1) ስሎፕ ነው፤ (1, −3) ከዚያ ስሎፕ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጥያቄው የሰጠን መስመሩ የሚያልፍበትን ቦታ ነው። የሚነካበትን ቦታ አልሰጠንም፤ መፈለግ ያለበትም እሱ ነው።

የማናውቀውን ነገር ስም እንስጠው። መስመሩ ኩርባውን የሚነካበት ነጥብ x ዋጋው a ይሁን። ነጥቡ ኩርባው ላይ ስለሆነ ከፍታው የግድ a² ነው። አሁን የመስመሩን ስሎፕ በሁለት መንገድ መጻፍ እንችላለን። አንደኛው ከዴሪቬቲቩ ነው፦ 2a። ሁለተኛው መስመሩ የሚያልፍባቸውን ሁለት ነጥቦች፣ ማለትም (a, a²) እና (1, −3)ን ወስዶ የከፍታውን ልዩነት ለአግድም ልዩነቱ ማካፈል ነው፦ (a² + 3)/(a − 1)። መስመሩ አንድ ስለሆነ ስሎፑም አንድ ነው፤ ሁለቱ መግለጫዎች እኩል መሆን አለባቸው።

(a² + 3)/(a − 1) = 2a

በ a − 1 ስናባዛ a² + 3 = 2a² − 2a እናገኛለን፤ ይህም a² − 2a − 3 = 0 ነው። ሲበተን (a − 3)(a + 1) = 0 ይሆናልና a ወይ 3 ነው ወይ −1። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደክመውና 3ን ስሎፕ አድርጎ ይጽፋል። a ግን አድራሻ ነው፤ ስሎፑ 2a ነው። a = 3 ሲሆን የመንኪያው ነጥብ (3, 9)፣ ስሎፑ 6፣ መስመሩም y = 6x − 9 ነው። a = −1 ሲሆን ነጥቡ (−1, 1)፣ ስሎፑ −2፣ መስመሩ y = −2x − 1 ነው። በሁለቱም x = 1 ብናስገባ −3 ይወጣል፤ ሁለቱም በተሰጠን ነጥብ ያልፋሉ ማለት ነው።

ሁለት መልስ መውጣቱ ሊያስገርም አይገባም። ክብ ጎጆ ቤት ፊት ለፊት የቆመ ሰው ዓይኑን በግድግዳው ግራ ጠርዝም በቀኝ ጠርዝም ማሳለፍ ይችላል፤ ጎጆው ውስጥ ገብቶ የቆመ ሰው ግን ወደየትም ቢያይ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል እንጂ ጠርዝ አያገኝም። ፓራቦላውም ውስጥና ውጭ አለው። ነጥቡን (p, q) ብለን ያንኑ ሥራ ብንደግም a² − 2pa + q = 0 ላይ እንደርሳለን፤ መፍትሔውም a = p ± √(p² − q) ነው። ነጥቡ ከኩርባው በታች ከሆነ p² ከ q ይበልጣልና ሁለት መስመር አለ። ነጥቡ ኩርባው ላይ ሲያርፍ ሥሩ ዜሮ ሆኖ አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። እንደ (1, 5) ያለ፣ በኩርባው ሆድ ውስጥ ያለ ነጥብ ከሆነ ከሥሩ ስር −4 ይመጣል፤ መስመር የለም። ስለዚህ ወደ ስሌቱ ከመግባት በፊት በእጅ ትንሽ ሥዕል ሥሎ ነጥቡ የት እንዳለ ማየት ስንት መልስ እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ይነግራል። ከቀመሩ ሌላም ደስ የሚል ነገር ይወጣል፦ p ሁልጊዜ በሁለቱ a ዋጋዎች መካከል፣ እኩል ርቀት ላይ ነው። በእኛ ምሳሌ 1 የ−1 እና የ3 አማካይ ነው።

ለፓራቦላ ዴሪቬቲቭ የማይፈልግ መንገድም አለ። በ (1, −3) የሚያልፈውን መስመር y = m(x − 1) − 3 ብለን ከ x² ጋር ስናስተካክል x² − mx + m + 3 = 0 ይመጣል። መስመሩ እንዲነካ ሁለቱ መገናኛዎች ተጠጋግተው አንድ መሆን አለባቸው፤ ማለትም ዲስክሪሚናንቱ ዜሮ ነው። m² − 4m − 12 = 0 ሲፈታ m = 6 ወይም m = −2 ይሰጣል፤ ያገኘናቸው ስሎፖች ናቸው። ፈረንሳዊው ደካርት በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራው የተጠቀመው ሐሳብ ከዚህ ጋር ዘመዳማ ነው፤ እሱ ግን በመስመር ፋንታ ኩርባውን የሚነካ ክብ ወስዶ ነው ድርብ ሥር የፈለገው። ኒውተን ያኔ ገና አልተወለደም።

ይህ አቋራጭ በኳድራቲክ ላይ ምቹ ነው። ወደ y = x³ ስንሄድ ግን መስመሩ አንድ ቦታ ነክቶ ሌላ ቦታ ሊቆርጥ ስለሚችል የኳድራቲኩ ዲስክሪሚናንት አይበቃም፤ በ a የሚጀምረው መንገድ ግን ሳይለወጥ ይሠራል። በ (a, a³) ላይ ያለው ስሎፕ 3a² ስለሆነ መስመሩ y = 3a²x − 2a³ ነው። ነጥቡ (1, 0) ቢሆን 0 = 3a² − 2a³ ይሆናል፤ a = 0 ወይም a = 3/2። የመጀመሪያው መልስ y = 0፣ ማለትም ራሱ የ x አክሲስ ነው። ኩርባው በዚያ ቦታ ከአክሲሱ በታች ወደ ላይ ይሻገራል፤ ስለዚህ «ታካኪ መስመር ኩርባውን አይቆርጥም» የሚለው አባባል ከክብ ጋር የመጣ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ይህን መልስ ተሳስቻለሁ ብሎ የሚሰርዝ ትክክለኛ ሥራ ያጠፋል።

የባሰም አለ። ነጥቡ (1, 1) ቢሆንስ? ይህ ነጥብ ኩርባው ላይ ነውና አንድ መስመር፣ y = 3x − 2፣ የሚበቃ ይመስላል። እኩልታው 2a³ − 3a² + 1 = 0 ሲበተን ግን (a − 1)²(2a + 1) = 0 ነው፤ a = −1/2 የሚል ሁለተኛ መልስ ይዞ ይመጣል። መስመሩ y = (3/4)x + 1/4 ነው፦ ኩርባውን ሩቅ፣ በ (−1/2, −1/8) ላይ ይነካና በ (1, 1) በኩል ቆርጦት ያልፋል። ጥያቄው «በ (1, 1) ላይ የሚነካ» ካለ መልሱ አንድ ነው፤ «በ (1, 1) በኩል የሚያልፍ» ካለ ሁለት።