አምስት ደቂቃ፣ 120 ሺህ ብር

እሑድ ጠዋት ማሽን ሁሉ ቆሞ ባለበት ሰዓት ወደ አንድ የዱቄትና ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ አዳራሽ የገባ ሰው፣ በሥራ ቀን የማይሰማ ድምፅ ይሰማል። ከቱቦ መገጣጠሚያ፣ ከሆዝ ጫፍ፣ ከቫልቭ ሥር አየር እየፏጨ ይወጣል። ማሸጊያ ማሽኖቹ ብስኩቱን የሚገፉትና ላስቲኩን የሚቆርጡት በታመቀ አየር ነው። አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ደግሞ በፋብሪካው ውስጥ መብራት አብዝተው ከሚበሉት ማሽኖች አንዱ ነው። በእነዚያ ቀዳዳዎች የሚወጣው አየር ዋጋ የተከፈለበት ነው ማለት ነው።

ይህን የሚያውቅ የጥገና ባለሙያ፣ ቀዳዳዎቹን ለመድፈን የሚያስፈልገውን ገንዘብ እንዲያስፈቅድ በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ተሰጠው እንበል። ፋብሪካውም ገንዘቡም ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የስሌቱ መንገድ ግን በየትኛውም ኮምፕሬሰር ያለበት ቤት የሚሠራ ነው።

የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ የአገራችን ፋብሪካዎች የማሻሻያ ሐሳብ ከሠራተኛ መቀበልን ለምደዋል። ሆኖም ገንዘብ ወደሚፈቀድበት ጠረጴዛ የሚደርሰው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ «ብክነትን ይቀንሳል፣ ቅልጥፍናን ያሳድጋል» ከሚል ዐረፍተ ነገር አያልፍም። የፋይናንስ ኃላፊው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቅና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይሻገራል። አይፈረድበትም፤ የሚጽፈው ቁጥር አልሰጡትም። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከንግግሩ ሳይሆን ሲጠየቁ የማይፈርስ አንድ ቁጥር ከማግኘት ነው።

ለዚህ ጉዳይ ቁጥሩን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰዓት የሚይዝ ስልክ ይበቃል። ምርት በሌለበት እሑድ ኮምፕሬሰሩ ብቻ ይነሳል። አየር የሚጠቀም ማሽን ስለሌለ፣ ግፊቱ ሞልቶ ኮምፕሬሰሩ አየር መግፋቱን ያቆማል፤ ቴክኒሻኖች «አንሎድ ሆነ» የሚሉት ነው። አየሩ በቀዳዳዎቹ ሲያልቅና ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ተመልሶ «ሎድ» ይገባል። ሎድ የቆየበትንና አንሎድ የቆየበትን ጊዜ ደጋግሞ መዝግቦ አማካዩን መውሰድ ነው። 2 ደቂቃ ሎድ፣ 6 ደቂቃ አንሎድ ከሆነ፣ ከስምንቱ ደቂቃ ሁለቱ፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ ማምረት ከሚችለው አየር 25 ከመቶው ቀዳዳ ለመመገብ ይውላል። በደንብ በተያዘ ፋብሪካ ይህ ከ10 ከመቶ በታች ይሆናል፤ ችላ በተባለ ፋብሪካ ግን ከ20 እስከ 30 ከመቶ ማግኘት የተለመደ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ። በየማሽኑ መግቢያ ያለው የአየር ቫልቭ ተዘግቶ ከተለካ፣ በማሽኖቹ ውስጥ የሚፈሰው አየር ሳይቆጠር ይቀርና ውጤቱ ከእውነቱ ያማረ ይመስላል። ማሽኑ ይጥፋ፣ ቫልቩ ግን ክፍት ይሁን።

ከመቶኛው ወደ ብር መሻገሪያው ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ኮምፕሬሰሩ 75 ኪሎዋት ነው፤ ፍሳሹን ከ25 ወደ 10 ከመቶ ማውረድ ይቻላል፤ ፋብሪካው በዓመት 6,000 ሰዓት ይሠራል። የ75 ኪሎዋት 15 ከመቶ ከ11 ኪሎዋት ትንሽ ይበልጣል፤ በ6,000 ሰዓት ሲባዛ 67,500 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ለስሌቱ እንዲመች አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ3 ብር ብንይዘው (ትክክለኛው ከፋብሪካው የመብራት ቢል ላይ ይወሰዳል) በዓመት ከ200 ሺህ ብር በላይ ማዳን ይቻላል ማለት ነው። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

እንዲህ ዓይነቱ ኮምፕሬሰር አንሎድ ሲሆን አየር መግፋቱን ያቁም እንጂ ሞተሩ መዞሩን አይተውም። ሎድ ላይ ከሚስበው ኃይል ሩቡን ወይም ሲሶውን ያህል እየሳበ ይቀጥላል። 30 ከመቶ ይስባል ብንል፣ ከዳነው ኃይል በእጃችን የሚቀረው 70 ከመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጠባው ወደ 47 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት፣ በብር ደግሞ ወደ 140 ሺህ ይወርዳል። ትልቁን ቁጥር ይዞ የገባ ሰው፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ይህን የሚያውቅ አንድ መሐንዲስ ካለ በጥያቄ መልክ ይያዝበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሌላው ነገር ሁሉ ይጠረጠራል። በእኔ ግምት 140 ሺህ ብሎ ስሌቱን መስመር በመስመር ማሳየት፣ 200 ሺህ ብሎ ከመንተባተብ እጅግ ይሻላል። መጠኑ ቢያንስም የሚፈቅደው ሰው ሊፈርምበት ይችላል።

ወጪው ቀላል ነው፤ ሆኖም ሙሉ መሆን አለበት። ፊቲንግ፣ ኩዊክ ካፕለር፣ ሆዝ፣ ክላምፕና የተወሰኑ ቫልቮች፣ በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድረው ቫትን ጨምሮ 86 ሺህ ብር። ሥራው ማሽን በቆመበት ቀን ስለሚሠራ የሠራተኛ ክፍያም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ሁለት እጥፍ ይታሰባል፤ ለዚህም 24 ሺህ። ለመጠባበቂያ 10 ሺህ። ጠቅላላው 120 ሺህ ብር። ዕቃው ገበያ ላይ ካለ፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም የሚለውም ይጻፍ፤ ይህች አንድ ሐረግ ኃላፊዎችን በጣም ታሳርፋለች። በዓመት 140 ሺህ የሚያድን ሥራ 120 ሺሁን በአሥር ወር ገደማ ይመልሳል።

ከስብሰባው በፊት ሁለት ቢሮ ማንኳኳት ግድ ይላል። የመጀመሪያው የቴክኒክ ኃላፊው ነው። «ሩቡ አየር ይፈሳል» የሚል ንግግር በአለቆች ፊት ድንገት ሲሰማ፣ ለእሱ ጆሮ ክስ ነው። የመከላከል ወግ ውስጥ ከገባ አምስቱ ደቂቃ በክርክር ያልቃል። ቀደም ብሎ ውጤቱን አይቶ፣ ልኬቱን ራሱ እሑድ መጥቶ ቢያረጋግጥና ሐሳቡ ከክፍሉ የወጣ ሆኖ ቢቀርብ ግን ጠበቃ ይሆናል። ሁለተኛው የፋይናንስ ኃላፊው ነው። ለእሱ የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ይህ ገንዘብ ከየትኛው የበጀት መደብ ሊወጣ ይችላል?» የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ፣ ጥገና መደብ ላይ የተረፈ ገንዘብ መኖሩንና ግዢው ከመዝጊያው በፊት ያልቅ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። መልሱን ይዞ መግባት ግማሽ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ንግግሩ። ወጋችን ሆኖ ንግግራችን የሚጀምረው «በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁን» ብሎ ነው፤ ከዚያ የክፍሉ ታሪክ፣ ከዚያ የችግሩ ዳራ፣ ጥያቄው መጨረሻ ላይ። አምስት ደቂቃ ለዚህ አይበቃም። በዚያ ላይ ስብሰባው ሲረዝም አምስቱ ወደ ሦስት ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ከአንዲት የአክብሮት ሰላምታ በኋላ ጥያቄው ይቅደም፦

«እንደምን ዋላችሁ። ከጥገና በጀት 120 ሺህ ብር እንድትፈቅዱልን እንጠይቃለን። በዚህ ገንዘብ የአየር መስመሩን ፍሳሽ ከ25 ወደ 10 ከመቶ እናወርዳለን። በዓመት 140 ሺህ ብር የሚሆን መብራት ይድናል፤ ወጪው በአሥር ወር ገደማ ይመለሳል። ሥራው በሦስት እሑዶች ያልቃል፤ ምርት አይቆምም።»

ይህ በዝግታ ቢነገር እንኳ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ከዚህ በኋላ ቢቋረጥ እንኳ የሚወሰንበት ነገር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደቂቃ ለአለካኩ ይሁን፤ የአንሎዱ 30 ከመቶ ለምን እንደተቀነሰም ሳይጠየቁ መናገር ያስከብራል። አራተኛው ወጪውን ይዘርዝር፤ የቀረው ለአደጋውና ለሚፈለገው ውሳኔ ነው። የሚነበበው ጽሑፍ ሰፋ ባለ መስመር ከአንድ ገጽ ተኩል ካለፈ ረዝሟል። ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ የኮምፕሬሰር ነገር ለማያውቅ ሰው ማንበብ ጥሩ ነው፤ እሱ ያልገባው ቃል የሰው ሀብት ኃላፊዋንም አይገባትም።

ስላይድ ካለ አንድ ይበቃል። ከዚያ ይልቅ ከመስመሩ የተፈታ አንድ የተሰነጠቀ የሆዝ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ማኖርና የእሑዱን ፉጨት ከስልክ ሃያ ሴኮንድ ማሰማት ብዙ ያስረዳል። የሚቀሩም ነገሮች አሉ። የመስመሩን ግፊት መቀነስ ራሱን የቻለ ቁጠባ አለው፤ ጥሩ ሐሳብም ነው፤ ግን ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ክርክር ይጎትታል። ለሌላ ቀን ይቆይ።

ሳይመጣ የማይቀር ጥያቄ አንድ አለ፦ «ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ቢፈስስ?» እውነተኛው መልስ «ይፈሳል» ነው። ፍሳሽ ተደፍኖ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሆዝ ያረጃል፣ ንዝረት ፊቲንግ ያላላል። ስለዚህ የእሑዱ ልኬት በየወሩ እንደሚደገም፣ 15 ከመቶ ሲደርስ በሳሙና ውሃ እየተፈለገ እንደሚደፈን፣ ለዚህም ኃላፊ የሆነው ሰው ማን እንደሆነ ይነገር። «ይህ መደበኛ ሥራችሁ አይደል?» የሚልም ይኖራል። መድፈኑ አዎ፣ መደበኛ ሥራ ነው፤ የጎደለው ዕቃውና ማሽን የሚቆምበት ቀን ነው ማለት በቂ ነው።

በእኛ አገር ስብሰባ ከ«አይሆንም» ይልቅ የሚያስፈራው «እናየዋለን» የሚለው መልስ ነው። ለእሱም አነስ ያለ ጥያቄ በኪስ ይዞ መግባት ይቻላል። አብዛኛው ፍሳሽ የሚገኘው ኮምፕሬሰሩ ዘንድ ሳይሆን ማሽኖቹ አጠገብ ባሉት የመጨረሻ ሜትሮች ላይ ነው። ስለዚህ «ማሸጊያ አዳራሹን ብቻ በ30 ሺህ ብር በአንድ እሑድ እንሥራ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት በሚቀጥለው ስብሰባ እናቅርብ፤ ቁጥሩ ካልወረደ ቀሪውን አንጠይቅም» ማለት ይቻላል። እሺ ከተባለም መጠኑ፣ የበጀት መደቡና ሪፖርቱ የሚቀርብበት ቀን ቃለ ጉባኤው ላይ መግባቱን አይቶ መውጣት ነው፤ ግዢ ክፍል የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነውና።