የወልድያ ዜና በረኞች

በ1965 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ረሃብ ከቀዬው ያፈናቀለው የወሎ ገበሬ ፈስሶ ነበር። በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ አይቶታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ግቢው ውስጥ አሳይተዋል። የአዲስ አበባ ጋዜጦች ግን ስለ እልቂቱ ዝም አሉ። ጋዜጦቹም ሬዲዮውም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ስለነበሩ፣ ምን እንደሚያልፍ የሚወስነው ያየው ሰው አልነበረም።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ረሃቡንም ዓለም ሰማው። የኢትዮጵያ ተመልካች ያንኑ ፊልም ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ደርግ በረሃብተኛው ምስል መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ እያስገባ አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የዜና በረኛ ሥራ መዝጋት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። መቼ እንደሚከፈትና ከምን ጎን እንደሚቀመጥም የሚወስነው እሱ ነው።

በየዜና ክፍሉ ይህ ሥራ ያለ ሴራም በየቀኑ ይሠራል። ዴቪድ ማኒንግ ኋይት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1949 የአንድ ትንሽ ከተማ ጋዜጣ አርታኢ ለአንድ ሳምንት የጣላቸውን የዜና ወኪል ወሬዎች ሁሉ እንዲያስቀምጥና የጣለበትን ምክንያት ጀርባቸው ላይ እንዲጽፍ ጠየቀው። አርታኢው ያተመው ከደረሰው አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነበር። ከምክንያቶቹ ብዙዎቹ «ቦታ የለም» የሚሉ ሲሆኑ፣ «ፕሮፓጋንዳ ነው» የሚልና የግል ጥላቻውን የሚያሳብቅም ነበረባቸው። አድልዎ አለበት፤ ሆኖም ሰው ስለሆነ «ለምን ጣልከው?» ተብሎ ሊጠየቅ ችሏል።

ዛሬ የመርሳ ወጣት ዜና የሚደርሰው በአብዛኛው ስልኩ ላይ ነው። ፌስቡክ ሲከፍት ጓደኞቹና የሚከተላቸው ገጾች የለጠፉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊታየው ስለማይችል፣ አልጎሪዝሙ እያንዳንዱን ጽሑፍ ይመዝናል። ይህ ሰው ላይክ ያደርገው ይሆን? ኮሜንት ይጽፍበት ይሆን? ለሌላ ያጋራው ይሆን? ግምቱ በነጥብ ይባዛና ብዙ ነጥብ ያገኘው ከላይ ይወጣል። ኩባንያው ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ ሰዎችን የሚያነጋግር ጽሑፍ እንደሚያስቀድም አስታወቀ። በኋላ ሾልከው የወጡ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ያኔ ላይክ 1፣ የቁጣ ወይም የሳቅ ምልክት 5፣ ረዘም ያለ ኮሜንት 30 ነጥብ ነበረው።

በነዚህ ነጥቦች ሁለት ምናባዊ ጽሑፎችን እንመዝን። አንዱ የሐብሩ ገበሬ ማሽላውን ከአቀንጭራ እንዴት እንደሚያድን፣ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ዝርያዎች እየጠቀሰ ያስረዳል። 200 ላይክ፣ 10 ምልክትና 3 ረዘም ያለ ኮሜንት ቢያገኝ ድምሩ 340 ነው። ሌላው «እነ እገሌ ሊመጡብን ነው» የሚል ምንጭ የሌለው ወሬ ነው። 40 ላይክ፣ 60 የቁጣ ምልክትና 40 ረዘም ያለ ኮሜንት ቢያገኝ 1,540 ይሆናል። ከ40ው ኮሜንት 25ቱ «ውሸት ነው፣ አጣርተናል» የሚሉ ቢሆኑ እንኳ እያንዳንዳቸው ለወሬው 30 ነጥብ ይጨምሩለታል። አስተባባዩ ሳያውቀው የወሬው አስፋፊ ሆነ ማለት ነው። እውነተኛው ስሌት ለእያንዳንዱ አንባቢ ለየብቻ ስለሚሠራ ከዚህ ይወሳሰባል፤ የቁጣ ምልክት ነጥብም በኋላ ወደ ዜሮ ወርዷል። የኮሜንቱ ነገር ግን ዛሬም ልብ ሊባል ይገባል።

የዛሬው አርታኢም ከዚህ አላመለጠም። የለጠፈው ዜና ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ በየሰዓቱ ያያል። የአቀንጭራው ዜና ሲሰምጥና የቁጣው ሲንሳፈፍ ደጋግሞ ካየ፣ ነገ ርእሱን ለአልጎሪዝሙ እንዲስማማ አድርጎ ይጽፋል። በሩ ላይ ዛሬም ሰው አለ፤ ዓይኑ ግን ሌላ በረኛ ላይ ነው።

ያ በረኛ ደግሞ ቋንቋዎቻችንን በቅጡ አይሰማም ነበር። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን መስከረም 2014 ዓ.ም. ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር፣ ኩባንያው በኢትዮጵያ አደገኛ ጽሑፎችን ለመለየት የሚጠቀምበት ሥርዓት ከስድስት ቋንቋዎች ሁለቱን ብቻ እንደሚሸፍን ተናግራለች። በዚያው ወር ወልድያና መርሳ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ስልክና ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ስለ ወልድያ የሚጽፈው፣ ኮሜንት የሚሰጠውና በዚያም የወሬውን ተራ የሚወስነው ከወልድያ ውጭ ያለ ሰው ሆነ። በ1965 ያየው ሰው መጻፍ አልቻለም ነበር፤ በ2014ም እንዲሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ሐሰት መሆኑን ያወቅከው ወሬ ሲገጥምህ ከሥሩ አትከራከር። ሪፖርት አድርገውና እውነቱን በራስህ ገጽ ለብቻው ጻፈው። የምታምነውን ዜና ክፍል ደግሞ ሌላው እስኪያጋራልህ ሳትጠብቅ ገጹን በስሙ ፈልገህ ክፈተው።