ደሙ ከኩላሊት ነው ወይስ ከፊኛ?

የሽንት ምርመራ ውጤት ላይ «አርቢሲ ብዙ» ተብሎ ሲጻፍ፣ በሽንቱ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት ታይተዋል ማለት ነው። ከየት እንደመጡ ግን ቁጥሩ አይነግረንም። የኩላሊት ማጣሪያ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ፊኛ ቆስሎ ወይም ጠጠር የሽንት ቧንቧን ጭሮ ሊሆንም ይችላል። የሁለቱ ሕክምና ፈጽሞ አይገናኝም። የሚለየው ፍንጭ ብዙ ጊዜ እዚያው ማይክሮስኮፕ ሥር አለ፤ ችግሩ ቶሎ የሚጠፋ መሆኑ ነው።

ጉሮሮውን አሞት ከዳነ ሁለት ሳምንት የሆነውን የ9 ዓመት ልጅ እናስብ። ጠዋት ሲነሳ ዐይኑ ሥር ያብጣል፤ ሽንቱ ቡናማ ሆኗል፤ ሲሸና ግን አያቃጥለውም። ጠዋት የሰጠው ናሙና በሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ከሰዓት በኋላ ታየ። ውጤቱ «አርቢሲ ብዙ» ብቻ ስለሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ታዘዘለት። እብጠቱ ባለመጉደሉ ተመልሶ ሲመጣ ግን አዲሱ ናሙና ሳይቆይ ታየ፤ ባለሙያውም የቀይ ሕዋስ ካስት አገኘ።

ካስት ምንድን ነው? ሽንት ከማጣሪያው ወጥቶ በኩላሊት ውስጥ ባሉ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ያልፋል። የቱቦዎቹ ግድግዳ ዩሮሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል። ይህ ፕሮቲን፣ ሻማ በቅርጹ ውስጥ እንደሚረጋ፣ በቱቦው ውስጥ ረግቶ የቱቦውን መልክ ይዞ ይወጣል። ባዶውን ከሆነ በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥም፣ በተለይ ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ሊታይ ይችላል። ቀይ ሕዋሳት ታሽገውበት ከወጣ ግን ደሙ ቱቦው ውስጥ የገባው ከኩላሊቱ ነው። ፊኛ እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ስለሌሉት ካስት ሊሠራ አይችልም።

ናሙናው ሲዘጋጅ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ለ5 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፤ ከላይ ያለው ተደፍቶ ከዝቃጩ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ይደረጋል። ካስት የሚፈለገው በአነስተኛ ማጉያ፣ ብርሃኑን ቀነስ አድርጎ፣ የሽፋን መስታወቱን ጠርዝ ጭምር በመቃኘት ነው። መብራቱን አድምቆ መሃሉን ብቻ የሚያይ ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። ሽንቱ ሲቆይ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ካስቱም ይሟሟል። የልጁ የመጀመሪያ ውጤት ያሳሳተው ለዚህ ነው። ናሙናው ከአንድ ቢበዛ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆይ መታየት አለበት።

ካስት ባይገኝም የሕዋሳቱ ቅርጽ ይረዳል። ከፊኛ የመጡት አብዛኛውን ጊዜ ክብና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ናቸው። በተጎዳ ማጣሪያ ሾልከው ረጅሙን ቱቦ የተጓዙት ግን ይጣመማሉ። በተለይ ቀለበት መስለው ከጠርዛቸው ትናንሽ እብጠቶች የወጡባቸው፣ አካንቶሳይት የሚባሉት፣ በርከት ብለው ከታዩ ጥርጣሬው ወደ ኩላሊት ያደላል። ይህን መለየት ግን የለመደ ዐይን ይጠይቃል።

የልጁ ችግር ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ የኩላሊት ማጣሪያ ብግነት ነው። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ምክንያት የሰውነት መከላከያ የተቀሰቀሰበት ኩላሊቱ ላይ ሲሆን፣ የቆዳ ቁስልም እንዲሁ ሊያስከትለው ይችላል። ስለዚህ አሁን የሚያስፈልገው የደም ግፊቱን መለካት፣ የኩላሊቱን ሥራ በደም ምርመራ ማየት፣ ጨው መቀነስና እንደ አስፈላጊነቱ ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት መስጠት ነው። በተለይ የደም ግፊቱ ችላ አይባልም፤ በድንገት ጨምሮ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደም ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል።

በአዋሽ ሸለቆ ታችኛው ክፍል ያደገ ልጅ ደም ሲሸና ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። በዚያ አካባቢ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ቢልሃርዚያ ይገኛል። ደሙ የሚታየው በአብዛኛው በሽንቱ ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ ክብ ናቸው፤ ካስት የለም፤ በምትኩ በአንድ ጫፉ እሾህ ያለው እንቁላል ይታያል። እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው በቀትር አካባቢ ስለሆነ፣ ናሙናው ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢወሰድ ይመረጣል።

የካስት አለመታየት ኩላሊቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ በተደጋገመ ትኩስ ናሙና እንኳ ሊያመልጥ ይችላል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ በተለይ የሚያጨስ ሰው፣ ሳያመው ደም ቢሸና ደግሞ ማይክሮስኮፑ ያሳየው ክብ ሕዋስ ብቻ ቢሆንም፣ ደሙም በራሱ ቢቆም፣ የፊኛ ካንሰር ስለሚጠረጠር አልትራሳውንድና ፊኛን በካሜራ ማየት ያስፈልገዋል።