የቋንቋ ልውውጥ፦ ሰዓቱ እኩል ነው፣ ንግግሩስ?

ቋንቋ ለመለዋወጥ የሚቀጣጠሩ ሁለት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «ግማሽ ሰዓት በአንቺ፣ ግማሽ ሰዓት በእኔ» ብለው ይስማማሉ። ክፍፍሉ ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ በጀርመንኛው ግማሽ ሰዓት ጀርመናዊው ሃያውን ደቂቃ ሲያወራ ተማሪዋ «አዎ»፣ «እሺ» እያለች ልትጨርስ መቻሏ ነው። ወደ አማርኛ ሲዞሩም ታሪኩ ይገለበጣል። ሁለቱም የሚናገሩት የሚያውቁትን ቋንቋ ሆኖ ይቀራል።

ይህ የመማሪያ ዘዴ ታንደም ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይና በጀርመን ወጣቶች የጋራ ቆይታዎች ተስፋፍቷል። መርሁ አንዱ ከሌላው ያገኘውን ያህል እንዲሰጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ከቋንቋው ሰዓት ሌላ የተናጋሪው ሰዓትም መለካት አለበት።

ፍራንክፈርት የምትሠራ ኢትዮጵያዊትና አማርኛ የሚማር ጀርመናዊ ለአንድ ሰዓት ተገናኙ እንበል። ርእሳቸው ቤት ኪራይ ነው። ለእያንዳንዱ ቋንቋ 25 ደቂቃ ይመድቡና የቀረውን 10 ደቂቃ ለእርማት ያቆያሉ። ስልካቸው ላይ የቼዝ ሰዓት ከፍተው በየቋንቋው ለእያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ ይሞላሉ። አንዱ ተናግሮ ሲያበቃ ይጫነዋል፤ ያኔ የሌላው ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። የቀረችው አንድ ደቂቃ ለመሸጋገሪያ ናት።

ዋናው ጥያቄ ዝምታው በማን ሰዓት ይቆጠር የሚለው ነው። ጀርመናዊው በአማርኛ ስለ ቤቱ ሲያወራ «ቀብድ» የሚለው ቃል ጠፍቶት ጣሪያ ጣሪያ ቢያይ፣ ያ ዝምታ የራሱ ነው። እሷ ቸኩላ አትሞላለትም፤ እሱ ሲጠይቃት ብቻ ቃሉን ትነግረዋለች። ስለ ሰዋስው ማብራራት ከጀመረች ግን የምታብራራው በራሷ ሰዓት ነው። ይህች ደንብ ረጅም ትምህርት ሰጪውን ታሳጥራለች። ሌላውን ስሕተት እሷ ማስታወሻ ላይ ትጽፈውና መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዳቸው በተመደበው አምስት ደቂቃ ዋና ዋናውን ትነግረዋለች። በጀርመንኛው ተራ እሱም ለእሷ እንዲሁ ያደርጋል።

ሁለቱም ደከም ብለው በሚናገሩት ቋንቋ መጀመር ይበጃል። በቀለላቸው ከጀመሩ ጨዋታው ይጥምና ወደ ሌላው መመለስ ይከብዳል። ችሎታቸው ተመጣጣኝ ከሆነ በየሳምንቱ ቅደም ተከተሉን ይለዋውጡ።

ገና ጀማሪ የሆነ ሰው 12 ደቂቃ መሙላት ያቅተዋል። መፍትሔው ደቂቃውን ለባልደረባው መስጠት ሳይሆን የቤቱን ፎቶ እያሳየ እንዲናገር ወይም ያዘጋጃቸውን ጥያቄዎች እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ መጠየቅም መናገር ነው።

የአንዱ 12 ደቂቃ አልቆ የሌላው ስድስት ደቂቃ ከቀረው ወሬውን ማን እንደያዘው ሰዓቱ ይናገራል። ያለቀበት ሰው ከዚያ በኋላ አጭር ጥያቄ ብቻ ያቀርባል። እንግዲህ በሚቀጥለው ቀጠሮአችሁ ወሬ ከመጀመራችሁ በፊት ሰዓቱን ሙሉና በዝምታው ደንብ ተስማሙ።