ከሰባት ዙር ሦስቱን መምረጥ

በየሱቁ በምናየው የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ውስጥ አራት ሬዚስተሮች በአራት ማዕዘን ተያይዘው ይቀመጣሉ። ዕቃ ሲጫን የተለጠፉበት ብረት በጥቂቱ ይለጠጣል፤ የሬዚስተሮቹ ኦም ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ማዕዘኖች መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ይታያል። ይህን አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ያቀረበው ሳሙኤል ሀንተር ክሪስቲ ነው፤ ስሙ የቀረው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ባስታወቀው በቻርልስ ዊትስቶን ነው፤ ዊትስቶን ብሪጅ ይባላል።

ለማስላት ግን ያስቸግራል። መሐል ላይ አምስተኛ ሬዚስተር ሲገባ ሬዚስተሮቹ በሲሪየስም በፓራለልም የተያያዙ አይደሉም፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ማሳጠሪያ አይሠራም። የኪርቾፍን ሕጎች መጻፍ የግድ ነው። ጥያቄው በየትኛው ዙር ላይ ነው።

መጀመሪያ ሬዚስተሩንም ባትሪውንም ረስተን መጋጠሚያዎችንና መስመሮችን ብቻ እንሣል፤ ግራፍ የሚባለው ይህ ነው። መጋጠሚያዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይሁኑ። መስመር 1 ከሀ ወደ ለ፣ 2 ከለ ወደ መ፣ 3 ከሀ ወደ ሐ፣ 4 ከሐ ወደ መ፣ መሐለኛው 5 ከለ ወደ ሐ፣ የባትሪው 6 ከመ ወደ ሀ ይሄዳል። አቅጣጫውን እንደፈለግን ብንሰጥ ችግር የለም፤ ከተሳሳትን ኮረንቱ ነጌቲቭ ሆኖ ይወጣል። መስመሩ ከመጋጠሚያው ከወጣ 1፣ ከገባ -1፣ ካልነካው 0 እንጽፋለን፤ ኢንሲደንስ ማትሪክስ የሚባለው ይህ ሠንጠረዥ ነው።

```
     1   2   3   4   5   6
ሀ    1   0   1   0   0  -1
ለ   -1   1   0   0   1   0
ሐ    0   0  -1   1  -1   0
መ    0  -1   0  -1   0   1
```

እያንዳንዱ ረድፍ በመጋጠሚያው የሚገባና የሚወጣው ኮረንት እኩል መሆኑን ይናገራል። እያንዳንዱ ዓምድ ሲደመር ዜሮ ስለሚሆን አንዱ ረድፍ ትርፍ ነው። ስለዚህ ለስድስት ያልታወቁ ኮረንቶች ሦስት እኩልታ አገኘን፤ ሌላ ሦስት ከዙሮች ማግኘት አለብን።

በዚህ ግራፍ ላይ ሰባት ዙሮች አሉ። በዓይን መርጦ መጻፍ የሚያሳስተው እዚህ ነው። 1-2-6ን፣ 3-4-6ን እና ውጪውን 1-2-4-3 የመረጠ ሰው ሦስት ትክክለኛ እኩልታ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልዩነት ብቻ ነው። መስመር 5ም በአንዱም ውስጥ አልገባም። ስሌቱ መልስ አይሰጥም፤ ምክንያቱ ደግሞ ከእኩልታዎቹ ላይ ቶሎ አይታይም።

ጉስታፍ ኪርቾፍ እ.ኤ.አ. በ1847 ያሳየው መውጫ ይህ ነው፦ ሁሉንም መጋጠሚያዎች የሚያገናኙ፣ ነገር ግን ዙር የማይፈጥሩ መስመሮችን ምረጥ። ዛፍ ይባላሉ። እኛ 1፣ 3 እና 6ን እንውሰድ። የቀሩት 2፣ 4 እና 5 ሊንክ ናቸው። አንድ ሊንክ ብቻ ወደ ዛፉ ሲመለስ አንድ ዙር ብቻ ይዘጋል፤ ያ ዙር ታይ-ሴት ነው። እያንዳንዱ ሊንክ በራሱ ዙር ብቻ ስለሚገኝ አንዱ ዙር ከሌሎቹ ተደምሮ ሊወጣ አይችልም።

```
       1   2   3   4   5   6
ዙር 2  1   1   0   0   0   1
ዙር 4  0   0   1   1   0   1
ዙር 5  1   0  -1   0   1   0
```

ዙሩ የሚዞረው በሊንኩ አቅጣጫ ነው፤ በዙር 5 መስመር 3 በተቃራኒው ስለሚታለፍ -1 አገኘ። ከመቀጠል በፊት የኢንሲደንሱን አንድ ረድፍ ከታይ-ሴቱ አንድ ረድፍ ጋር በየዓምዱ አባዝቶ መደመር ይበጃል። ሁልጊዜ ዜሮ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ አንድ ምልክት ተሳስቷል።

ይህ ሠንጠረዥ ሁለት ጊዜ ይነበባል። ረድፉ የቮልቴጅ እኩልታ ነው፤ ዓምዱ ደግሞ የመስመሩን ኮረንት ይሰጣል። ዓምድ 1 የመስመር 1 ኮረንት J2 + J5 ነው ይላል፤ ዓምድ 3 ደግሞ J4 - J5። ስድስቱ ያልታወቁ ኮረንቶች ሦስት ሆኑ ማለት ነው። ባትሪው 14 ቮልት፣ ሬዚስተሮቹ ከ1 እስከ 5 በቅደም ተከተል 2፣ 4፣ 4፣ 2፣ 2 ኦም ቢሆኑ፦

```
6·J2        + 2·J5 = 14
       6·J4 - 4·J5 = 14
2·J2 - 4·J4 + 8·J5 = 0
```

የማባዣዎቹ ሠንጠረዥ በሰያፉ መስመር ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ነው፤ 2 ከ2፣ -4 ከ-4 ይገጥማል። ሬዚስተርና ባትሪ ብቻ ባለበት ሰርኪዩት ይህ ካልሆነ የሆነ ቦታ ስህተት አለ፤ ትራንዚስተር ሲገባ ግን ይህ መፈተኛ አይሠራም። መልሱ J2 = 2፣ J4 = 3፣ J5 = 1 አምፒር ነው፤ ባትሪው በዓምድ 6 መሠረት 5 አምፒር ይሰጣል። መሐለኛው መስመር 1 አምፒር ስላለው ብሪጁ ሚዛኑን አልጠበቀም።

ሰርኪዩቱ ላይ ኮረንቱ የታወቀ ምንጭ ካለ ሊንክ ማድረግ ይሻላል፤ አንዱ ያልታወቀ ቁጥር ወዲያው ይታወቃል። በጥቂት መጋጠሚያዎች መካከል ብዙ መስመር ሲደረደር ግን ታይ-ሴት እኩልታ ያበዛል፤ ያን ጊዜ በኢንሲደንስ ማትሪክሱ የመጋጠሚያዎቹን ቮልቴጅ መፈለግ ይቀላል። በበርክሌይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1973 የቀረበው ስፓይስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም በመጋጠሚያ ይሠራል፤ እዚያ ዛፍ መምረጥ አያስፈልግም።